ቀጣዩ ዙር የግንባታ ብድር ከመለቀቁ በፊት፦ የክፍያ ሰርተፍኬትን ከቢኦኪው ጋር ማመሳከር

የግንባታ ብድር እንደ ሌላ ብድር በአንድ ቀን ተቆጥሮ አይሰጥም። ተበዳሪው የራሱን ድርሻ አስቀድሞ በሥራው ላይ ያውላል፤ ከዚያ ተቋራጩ የሠራውን አማካሪ መሐንዲሱ ለክቶ ሰርተፍኬት ያዘጋጅለታል፤ ባንኩም በሰርተፍኬቱ ልክ ዙር በዙር ይለቃል። ስለዚህ አንድ የክፍያ ጥያቄ ጠረጴዛዎ ላይ ሲደርስ የሚመልሱት ጥያቄ ሁለት ነው። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሥራ በእርግጥ ተሠርቷል ወይ? ይህን ከፍለን በእጃችን የሚቀረው ገንዘብስ ሕንፃውን ይጨርሰዋል ወይ? አብዛኛው ባለሙያ የመጀመሪያውን ይጠይቃል፤ ግማሽ ላይ የቆሙ ሕንፃዎች የሚመጡት ግን ሁለተኛው ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

ይህ መመሪያ በባንክ የብድር ክፍል ለሚሠሩ መሐንዲሶችና ኦፊሰሮች የተዘጋጀ ነው፤ ጥያቄው ለምን እንደተቀነሰበት መረዳት የሚፈልግ ተበዳሪም ይጠቀምበታል። አሠራሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ምሳሌ እናሳያለን።

ምሳሌያችን አንድ ጂ ፕላስ 4 የንግድ ሕንፃ ነው። የውሉ ዋጋ ያለ ቫት 60,000,000 ብር፣ ከ15 በመቶ ቫት ጋር 69,000,000 ብር ነው። የተበዳሪው ድርሻ 30 በመቶ ስለሆነ 20,700,000 ብር ይሆናል፤ ቀሪው 48,300,000 ብር የባንኩ ብድር ነው። ተቋራጩ 20 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ማለትም 12,000,000 ብር ወስዷል፤ ቫቱ ሲጨመርበት 13,800,000 ብር ይሆናል። በውሉ መሠረት ከእያንዳንዱ ክፍያ 5 በመቶ መያዣ ይቀራል፤ ቅድሚያ ክፍያውም ሥራው 80 በመቶ ሲደርስ ተመልሶ እንዲያልቅ ከእያንዳንዱ ክፍያ 25 በመቶ ይቀነሳል። አሁን የቀረበው ሰርተፍኬት ቁጥር 4 ነው። እስከ ዛሬ የተሠራው ሥራ ድምር 33,600,000 ብር፣ እስከ ሰርተፍኬት ቁጥር 3 የተሠራው 22,800,000 ብር፣ የዚህ ዙር ሥራ 10,800,000 ብር ነው ይላል።

1. ሂሳብ ከመጀመርዎ በፊት ወረቀቶቹን ያሟሉ

የክፍያ ጥያቄው ደብዳቤና ባለ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ብቻ ከቀረበ ሥራውን አይጀምሩ። የሚያስፈልገው ሙሉ ሰርተፍኬት ነው፦ ማጠቃለያው፣ እያንዳንዱን የሥራ ዓይነት በመስመር የሚያሳየው ዝርዝር፣ እና እያንዳንዱ ብዛት ከየትኞቹ ልኮች እንደመጣ የሚያሳየው ቴክኦፍ ሺት። ቴክኦፍ የሌለው ሰርተፍኬት ሊመረመር አይችልም። "ሶሌታ 1,346.4 ካሬ ሜትር" የሚል ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርዎትም፤ ርዝመቱ፣ ስፋቱ፣ ብዛቱና የተቀነሰው ክፍት ቦታ ሲታይ ነው ትክክለኛነቱ የሚታወቀው።

ከጎኑ ብድሩ ሲፈቀድ ባንኩ የተቀበለውን ቢኦኪው፣ ማለትም የሥራዎቹን ብዛትና ነጠላ ዋጋ የያዘውን የውሉን ዝርዝር ያስቀምጡ። ይህን አጥብቀን የምንናገረው በምክንያት ነው። ተቋራጩ ወይም አማካሪው ከሰርተፍኬቱ ጋር አያይዞ የሚልከው ቢኦኪው በመሀል ተሻሽሎ ሊሆን ይችላል፤ ሰርተፍኬቱ ከተሻሻለው ጋር ፍጹም ይገጥማል፣ ብድሩ ከተፈቀደበት ጋር ግን አይገጥምም። ሁልጊዜ ማመሳከሪያዎ በብድር ፋይሉ ውስጥ ያለው፣ ማህተም ያረፈበት ነው።

የኤክሴል ፋይሉንም ይጠይቁ። በወረቀት የማይታዩ ነገሮች እዚያ ይታያሉ፦ የተደበቀ ረድፍ፣ ከድምሩ ክልል የወጣ ወይም ሁለት ጊዜ የገባ መስመር፣ ቀመር መሆን ሲገባው በእጅ የተጻፈ ቁጥር። በገንዘብ ዓምዱ ላይ እየወረዱ እያንዳንዱ ሕዋስ የብዛትና የነጠላ ዋጋ ብዜት መሆኑን ይዩ፤ ለምሳሌ `=D12*E12`። ከመካከሉ አንዱ ቀመር ሳይሆን ቁጥር ብቻ ከሆነ እዚያ ላይ ይቁሙ።

ከዚህ ሌላ ሁለት ቀኖችን ያጣሩ። የቅድሚያ ክፍያ ዋስትናው የሚያበቃበት ቀን አንዱ ነው፤ ያልተመለሰ ቅድሚያ ክፍያ እያለ ዋስትናው ሊያልፍበት ከሆነ ሳይታደስ ክፍያ አይለቀቅም። ሁለተኛው የግንባታው ኢንሹራንስ ነው።

2. "ያለፈው" ዓምድ ካለፈው ሰርተፍኬት ጋር ይገጥም እንደሆነ ይዩ

ሰርተፍኬት የሚሠራው በድምር ነው። እያንዳንዱ መስመር ላይ እስከ ዛሬ የተሠራው፣ እስከ ባለፈው ጊዜ የተሠራው፣ እና የሁለቱ ልዩነት ይጻፋል። የሚከፈለው ልዩነቱ ነው። ስለዚህ ሰርተፍኬት ቁጥር 3ን ከፋይል ያውጡና የድምር ዓምዱን ከሰርተፍኬት ቁጥር 4 "ያለፈው" ዓምድ ጋር መስመር በመስመር ያወዳድሩ። ጠቅላላ ድምሩ ስለገጠመ ብቻ አይለፉ፤ የአንዱ መስመር ወርዶ የሌላው ወጥቶ ድምሩ እኩል ሊሆን ይችላል። ይህ ሲሆን ተከፍሎ ያለቀ ሥራ በሌላ ስም እንደ አዲስ የሚጠየቅበት በር ይከፈታል።

ባንኩ ባለፈው ዙር ቅናሽ አድርጎ ከነበረም የሚወዳደረው ተቋራጩ ከጠየቀው ጋር ሳይሆን ባንኩ ከተቀበለው ጋር ነው። ባለፈው ጊዜ የተቀነሰው ብዛት በዚህኛው "ያለፈው" ዓምድ ውስጥ እንደ ተከፈለ ሆኖ ሲገባ ሂሳቡ ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ይዛባና ተቋራጩ የሚገባውን ያጣል። ይህም ስህተት ነው፤ ሲያዩት ያርሙለት።

3. ነጠላ ዋጋውን ያመሳክሩ

ብዛቱን ከመለካትዎ በፊት በሰርተፍኬቱ ላይ ያሉትን ነጠላ ዋጋዎች ሁሉ ከቢኦኪው ጋር ያስተያዩ። ፈጣን ሥራ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በምሳሌያችን እዚህ ላይ ትልቁ ግድፈት ይገኛል።

በቢኦኪው ላይ የፌሮ ነጠላ ዋጋ በኪሎ 135 ብር ነው። በሰርተፍኬት ቁጥር 4 ግን 162 ብር ተብሎ ተጽፏል። እስከ ባለፈው ጊዜ የተከፈለው 52,000 ኪሎ፣ እስከ ዛሬ የገባው 71,000 ኪሎ ነው። ስለዚህ የዚህ ዙር ፌሮ 19,000 ኪሎ ብቻ ነው፤ በ135 ብር ሲባዛ 2,565,000 ብር ይሆናል። ሰርተፍኬቱ ግን 71,000ን በ162 አባዝቶ 11,502,000 ብር ካደረገ በኋላ ባለፈው የተከፈለውን 7,020,000 ብር ቀንሶ 4,482,000 ብር ጠይቋል።

ልዩነቱ 1,917,000 ብር ነው። ልብ ይበሉ፦ ዋጋ ጨምሯል ቢባል እንኳ ጭማሪው የሚመለከተው አዲሱን 19,000 ኪሎ ነው፤ ያም 513,000 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 1,404,000 ብር ከወራት በፊት በድሮው ዋጋ ተገዝቶ፣ አርማታ ውስጥ ገብቶ፣ ተከፍሎ ያለቀው ፌሮ በአዲሱ ዋጋ እንደገና ሲከፈል የመጣ ነው። በድምር በሚሠራ ሰርተፍኬት ላይ አንድ ነጠላ ዋጋ ሲነካ ያለፈው ሁሉ አብሮ ይነካል። ብዙ ጊዜ ይህ የተንኮል ሥራ አይደለም፤ አንድ ሕዋስ ብቻ ስትለወጥ ኤክሴሉ ራሱ የሚያደርገው ነው። ቢሆንም ገንዘቡ ያው ይወጣል።

የፌሮ ዋጋ በገበያ ላይ በእርግጥ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ያኔ የሚታየው ውሉ ነው። ውሉ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ካለው ማስተካከያው በቢኦኪው መስመር ውስጥ ተቀላቅሎ ሳይሆን ለብቻው በተለየ መስመር፣ ስሌቱ ተያይዞ፣ አሠሪው ፈርሞበት ይቅረብ። ይህም ቢሆን በተበዳሪውና በተቋራጩ መካከል ያለ ጉዳይ ነው፤ የብድሩን ጣሪያ አያነሳም። ባንኩ ለዚያ የሚለቀው ገንዘብ ካለ ከሌላ ሥራ ላይ የተነሳ ገንዘብ ነው፤ ይህ ነገር መጨረሻ ላይ ይመለስብናል።

4. ጥቂት ትልልቅ መስመሮችን መርጠው ይለኩ

አንድ ቢኦኪው ከመቶ በላይ መስመር ሊኖረው ይችላል። ሁሉንም መልሶ መለካት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። በዚህ ዙር የተጠየቀውን ገንዘብ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድረው ከላይ ያሉትን ስምንት ወይም አሥር መስመሮች ይያዙ። በስትራክቸር ደረጃ ላይ ባለ ሕንፃ አብዛኛው ገንዘብ ያለው አርማታ፣ ፌሮ፣ ካሳፎርማና ብሎኬት ላይ ነው።

የምሳሌያችንን ሶሌታ እንይ። ቢኦኪው 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ሶሌታ በካሬ ሜትር 2,100 ብር ይለዋል፤ ጠቅላላ ብዛቱ የጣሪያውን ጨምሮ ለአምስት ሶሌታ 1,606 ካሬ ሜትር ነው። ሰርተፍኬቱ እስከ ዛሬ 1,346.4 ካሬ ሜትር ተሠርቷል ይላል። ከቢኦኪው ጣሪያ በታች ስለሆነ ላይ ላዩን ለሚያይ ምንም ችግር የለበትም። ነገር ግን 1,346.4 ለአራት ሲካፈል 336.6 ይመጣል። በፕላኑ ላይ የሕንፃው የውጭ ልክ 20.40 በ16.50 ሜትር ነው፤ ሲባዛ 336.6። ስለዚህ የደረጃው ክፍት ቦታ አልተቀነሰም ማለት ነው። ክፍቱ 2.80 በ5.50 ማለትም 15.4 ካሬ ሜትር ስለሆነ የአንዱ ወለል ትክክለኛ ልክ 321.2 ካሬ ሜትር ነው። ቢኦኪውም የተሠራው በዚሁ ልክ ነው፤ 321.2 በ5 ሲባዛ 1,606 ይሆናል። ባለፈው ሰርተፍኬት ለሁለት ሶሌታ የተከፈለውም 642.4 ነበር። አሁን ግን አዲስ ቴክኦፍ ሲሠራ ለአራቱም ወለል ክፍቱ ተረሳ።

ከቢሮ ሳይወጡ ይህን ያህል ይታወቃል። አራተኛው ሶሌታ ተሞልቷል ወይ የሚለውን ግን ሳይት ብቻ ነው የሚመልሰው።

ፌሮንም በወረቀት ላይ መፈተን ይቻላል። የአንድ ሜትር ፌሮ ክብደት በኪሎ የሚገኘው ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር ወስዶ በራሱ አባዝቶ ለ162 በማካፈል ነው፦

```
W = d*d/162
```

ባለ 10 ፌሮ በሜትር 0.617 ኪሎ፣ ባለ 12 0.889፣ ባለ 16 1.58 ኪሎ ይመዝናል። በዚህ መሠረት 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 16 ፌሮ ወደ 19 ኪሎ ነው። ቴክኦፉ ላይ ብዛቱንና ርዝመቱን አይተው ጥቂት መስመሮችን ያባዙ፤ ከስትራክቸር ፕላኑ ላይም የስታፋውን ርቀት ያመሳክሩ። በፕላኑ 20 ሳንቲ ሜትር የተባለው ስታፋ በቴክኦፉ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከተቆጠረ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል።

ሌላው ቀላል ማመሳከሪያ መስመርን ከመስመር ጋር ማስተያየት ነው። ብሎኬት ግድግዳ ሁለት ፊት ስላለው የልስኑ ብዛት ከግድግዳው እጥፍ ላይ የኮለንና የኮርኒስ ስር ልስን ከሚጨምረው በላይ ሊሆን አይችልም። ከዚያ ካለፈ ወይ በርና መስኮቱ አልተቀነሰም፣ ወይ ገና ያልቆመ ግድግዳ ተለስኗል ተብሏል። በሰርተፍኬቱ ላይ የሚታሰበው የካሳፎርማ ብዛትም ከተሞላው አርማታ ቀድሞ ሊሄድ አይገባም።

አለካኩ ራሱ አከራካሪ ሲሆን፣ ለምሳሌ ትንሽ ክፍት ቦታ ይቀነስ አይቀነስ ሲባል፣ ውሉ የጠቀሰውን የአለካክ ደንብ ይከተሉ። በሀገራችን ብዙ የሕንፃ ውሎች ባትኮዳ የተባለው የቀድሞ የመንግሥት የግንባታ ዲዛይን መሥሪያ ቤት ያወጣውን ደንብ ይጠቅሳሉ። የራስዎን ልማድ በተቋራጩ ላይ አይጫኑ።

5. ሳይት ይሂዱ፤ የሚያዩትን አስቀድመው ይወቁ

ሳይት የሚኬደው ወረቀቱ ከተመረመረ በኋላ ነው። ጥያቄዎቹን ጽፈው ካልያዙ በሳይቱ እየዞሩ "ጥሩ እየሄደ ነው" ብለው ይመለሳሉ። ሜትር፣ የስትራክቸር ፕላን፣ የመረጧቸውን መስመሮች ዝርዝርና ካሜራ ይያዙ። ከተቻለ አማካሪውና የተቋራጩ ሳይት መሐንዲስ አብረው ይገኙ፤ የተለካው ላይ እዚያው ሦስታችሁም ብትፈርሙ በኋላ ክርክር አይነሳም።

በምሳሌያችን ሳይት ላይ የሚታየው ይህ ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሶሌታዎች ተሞልተዋል። በአራተኛው ላይ ካሳፎርማው ተነጥፎ፣ ፌሮው ታስሮ፣ የኤሌክትሪክ ቱቦው ተዘርግቷል፤ አርማታ ግን አልፈሰሰም። አማካሪው "በዚህ ሳምንት ስለሚሞላ ነው ያካተትነው" ይላል። ይህን ዓይነት ቃል አይቀበሉ። ሰርተፍኬት ስለተሠራ ሥራ እንጂ ሊሠራ ስለታሰበ ሥራ አይመሰክርም፤ ሲሚንቶ ባይገኝ ወይም ሚክሰሩ ቢበላሽ ያ ሳምንት ወር ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምኑ ይያዝለት? የታሰረው ፌሮ ይያዝለታል። እንዲያውም ለመቁጠር ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፤ አርማታ ከፈሰሰበት በኋላ ማንም አያየውም። ቁመው በአንድ ሜትር ውስጥ ስንት ፌሮ እንዳለ ይቁጠሩ፦ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከተባለ ሰባት አካባቢ መሆን አለበት። ዲያሜትሩንም በካሊፐር ይለኩ። ካሳፎርማው ግን አይያዝለትም። ካሳፎርማ ጊዜያዊ ነው፤ አርማታው ሳይፈስ ተቋራጩ ነቅሎት ቢሄድ በሕንፃው ላይ ምንም አይቀርም። ስለዚህ የሚታሰበው ከአርማታው ጋር አብሮ ነው።

በዚህ መሠረት ተቀባይነት ያለው ሶሌታ ሦስት ጊዜ 321.2 ማለትም 963.6 ካሬ ሜትር ነው። የተጠየቀው 1,346.4 ስለነበር 382.8 ካሬ ሜትር ይቀነሳል፤ በ2,100 ብር ሲባዛ 803,880 ብር። በዚያው ልክ የተጠየቀው ካሳፎርማም በካሬ ሜትር 850 ብር ታስቦ 325,380 ብር ይቀነሳል።

የተሞላው አርማታ ጥራትም ከክፍያው ጋር የተያያዘ ነው። የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ የኩብ ናሙና ውጤት ይቅረብ። የ28 ቀኑ ካልደረሰ የ7 ቀኑን ይዩና የ28 ቀኑ ለሚቀጥለው ዙር ቅድመ ሁኔታ ተብሎ ይመዝገብ። ውጤቱ ከተጠየቀው በታች የሆነ አርማታ ብዛቱ ትክክል ቢሆንም አማካሪው በጽሑፍ ውሳኔ እስኪሰጥበት አይከፈልም፤ ሊፈርስ የሚችል ሥራ ነውና።

የተሸፈነ ሥራ የራሱ ዘዴ አለው። ቁፋሮ፣ የመሠረት ግንብ፣ የገረጋንቲ ሙሌት ተሸፍኖ ካለፈ በኋላ በሜትር አይለካም። ብዛቱ ከቢኦኪው ከበለጠ "አፈሩ ደካማ ሆኖ ጠልቀን ቆፈርን" የሚል ምክንያት ይመጣል። እውነት ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው ከመሸፈኑ በፊት የተወሰደ የሌቭል ንባብ፣ በሳይት ቡኩ ላይ በዚያው ቀን የተጻፈ ትእዛዝ እና ፎቶ ነው። ሦስቱም ከሌሉና ደብዳቤው ከሰርተፍኬቱ ጋር በአንድ ቀን የተጻፈ ከሆነ በቢኦኪው ብዛት ላይ ያቁሙት።

6. ሳይት ላይ የተከማቸ ዕቃ

ሰርተፍኬቱ መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ "ሳይት ላይ ያለ ዕቃ" የሚል መስመር ይኖራል። በምሳሌያችን ለሴራሚክ 600,000 ብር ተጠይቋል። የሚከፈለው ውሉም የብድር ውሉም ሲፈቅዱ ብቻ ነው፤ ሲፈቅዱም የግዢ ደረሰኙ ይታያል፣ ዕቃው ይቆጠራል፣ በዝናብና በሌባ እንዳይጠፋ የተቀመጠበት ቦታ ይታያል። እዚህ ላይ ሕንፃው ገና ሶሌታ እየሞላ ነው፤ ሴራሚኩ የሚነጠፍበት ቀን ሩቅ ነው። በውሉም ላይ ስለ ዕቃ ክፍያ የተጻፈ ነገር የለም። ስለዚህ ይወጣል።

ከዚህ በፊት የተከፈለ ዕቃ ካለ ደግሞ በዚህ ሰርተፍኬት ላይ ምን እንደሆነ ይከታተሉ። ሥራ ላይ ሲውል ከዕቃው መስመር መቀነስ አለበት፤ ካልተቀነሰ አንዴ እንደ ዕቃ፣ አንዴ እንደ ሥራ ተከፍሏል ማለት ነው።

7. የሚከፈለውን ያስሉ

የተቀነሱትን እንደምር፦ ሶሌታ 803,880፣ ካሳፎርማ 325,380፣ የፌሮ ዋጋ ልዩነት 1,917,000፣ ሴራሚክ 600,000። ድምሩ 3,646,260 ብር ነው። ከተጠየቀው 33,600,000 ሲቀነስ ተቀባይነት ያለው የሥራ ድምር 29,953,740 ብር ይሆናል። ባለፈው የነበረው 22,800,000 ሲወጣለት የዚህ ዙር ሥራ 7,153,740 ብር ነው።

ከዚህ ላይ 5 በመቶ መያዣ 357,687 ብር እና 25 በመቶ የቅድሚያ ክፍያ ተመላሽ 1,788,435 ብር ይቀነሳሉ፤ 5,007,618 ብር ይቀራል። ቫቱ ላይ ይጠንቀቁ። ቅድሚያ ክፍያው ሲሰጥ ቫቱ አብሮ ስለተከፈለ፣ አሁን ቫት የሚታሰበው ከሥራው ላይ የቅድሚያ ክፍያው ተመላሽ ከወጣ በኋላ ባለው 5,365,305 ብር ላይ ነው፤ ያም 804,795.75 ብር ይሆናል። በሙሉው ሥራ ላይ ቢታሰብ በተመላሹ ልክ ያለው ቫት ሁለት ጊዜ ይከፈላል። የዙሩ ክፍያ እንግዲህ 5,812,413.75 ብር ነው። ተቋራጩ በራሱ ሂሳብ የጠየቀው 8,775,000 ብር ነበር።

ያልተመለሰውን ቅድሚያ ክፍያም እዚሁ ያስሉ። እስካሁን የተመለሰው የ29,953,740 ብር 25 በመቶ ማለትም 7,488,435 ብር ነው፤ ቀሪው 4,511,565 ብር። በእጅዎ ያለው ዋስትና ቢያንስ ይህን መሸፈን አለበት።

8. የቀረው ገንዘብ የቀረውን ሥራ ይጨርሰዋል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። እስካሁን ለቅድሚያ ክፍያው ከነቫቱ 13,800,000፣ ለሦስቱ ሰርተፍኬቶች 18,525,000፣ በድምሩ 32,325,000 ብር ወጥቷል። ከዚህ የተበዳሪው 20,700,000፣ የባንኩ 11,625,000 ብር ነው። የተበዳሪው ድርሻ ተሟጦ ማለቁን በደረሰኝና በባንክ መግለጫ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ "ከፍያለሁ" የሚል ደብዳቤ አይበቃም። ይህ ዙር ሲለቀቅ ከብድሩ የሚቀረው 30,862,586.25 ብር ይሆናል።

በቢኦኪው ዋጋ ካየነው ይህ ገንዘብ ከውሉ ቀሪ ክፍያ ጋር እኩል ነው፤ ልዩነት የለውም። ችግሩ ቀሪው ሥራ የሚሠራው በቢኦኪው ዋጋ ነው ወይ የሚለው ነው። ተቋራጩ ፌሮን በ162 ብር የጠየቀው የገበያው ዋጋ ስለተለወጠበት ከሆነ፣ ጥያቄውን ውድቅ ያደረግንበት ምክንያት ትክክል ቢሆንም ያስጠነቀቀንን ነገር መስማት አለብን።

ስለዚህ የቀሩትን ትልልቅ መስመሮች በዛሬ ዋጋ ያሰሉ። ቢኦኪው ላይ ያለው ጠቅላላ ፌሮ 105,000 ኪሎ ነው እንበል፤ 34,000 ኪሎ ይቀራል። በኪሎ የ27 ብር ልዩነት 918,000 ብር ያመጣል። አሉሚኒየምና መስታወቱ በቢኦኪው 5,200,000 ብር ሲሆን አሁን የተሰበሰበው ፕሮፎርማ 7,000,000 ብር ቢል 1,800,000 ብር ይጨመራል። ሁለቱ 2,718,000፣ ከቫት ጋር 3,125,700 ብር ጉድለት ነው። የተያዘውን የመያዣ ገንዘብ እንደ ትርፍ ቆጥረው በዚህ ላይ አያቻችሉት፤ ያ ገንዘብ የተቋራጩ ነው፣ ርክክብ ሲደረግ ይጠየቃል።

ጉድለት ከተገኘ የሚወሰደው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው፦ ቀድሞ የተበዳሪው ገንዘብ ይገባል፣ ከዚያ የባንኩ ይለቀቃል። ተበዳሪው ጉድለቱን በዝግ ሂሳብ ያስገባል፣ ወይም ከአማካሪው ጋር ሥራውን አሻሽሎ የወጪ ቅነሳ በጽሑፍ ያቀርባል። ይህን አሁን መጠየቅ ይሻላል። ሕንፃው ግማሽ ላይ እያለ ተበዳሪው አማራጭ አለው፤ መስኮት ሊለውጥ፣ የአንዱን ፎቅ ማጠናቀቂያ ሊያዘገይ ይችላል። ብድሩ ሲያልቅ ግን የሚቀረው መስታወት የሌለው ሕንፃና ወለድ ነው።

አንድ ነገር ከዚሁ ጋር ይታይ። በገንዘብ ሲሰላ ሥራው 49.9 በመቶ ደርሷል። በሳይት ግን ስትራክቸሩ እንኳ አላለቀም፤ አራተኛውና የጣሪያው ሶሌታ ይቀራሉ፣ ማጠናቀቂያው ፈጽሞ አልተነካም። እነዚህ ሁለት ሥዕሎች በጣም ከተራራቁ ተቋራጩ ጨረታውን ሲሞላ መጀመሪያ በሚሠሩት ላይ ዋጋ አንሮ፣ መጨረሻ በሚሠሩት ላይ አሳንሶ ሊሆን ይችላል። ቁፋሮውና የመሠረቱ አርማታ ከገበያው በላይ፣ ቀለሙና የሳኒተሪው ሥራ ከገበያው በታች ከሆኑ ምልክቱ ይህ ነው። በዚህ ደረጃ ነጠላ ዋጋውን መለወጥ አይቻልም፤ የቀሪውን ሥራ ወጪ ግን በቢኦኪው ሳይሆን በገበያ ዋጋ ማየት ግድ ይሆናል።

9. ውሳኔውን በመስመር ይጻፉ

ለተበዳሪው የሚላከው ደብዳቤ "ክፍያው ተቀንሷል" ብቻ አይበል። የተቀነሰውን መስመር፣ የተጠየቀውንና የተፈቀደውን ብዛት፣ ምክንያቱን እና ምን ሲቀርብ እንደሚከፈል ይግለጽ። በምሳሌያችን፦ የአራተኛው ፎቅ ሶሌታና ካሳፎርማ አርማታው ተሞልቶ የ7 ቀን ኩብ ውጤት ሲቀርብ በሰርተፍኬት ቁጥር 5፣ በ321.2 ካሬ ሜትር ልክ ይታያል፤ የፌሮ ዋጋ ለብቻው በውሉ መሠረት ይቅረብ፤ ሴራሚኩ ሲነጠፍ በራሱ መስመር ይጠየቅ፤ የ3,125,700 ብሩ ጉድለት ከሚቀጥለው ዙር በፊት ይሸፈን። አማካሪውም ሰርተፍኬቱን በተፈቀደው ልክ አርሞ እንደገና ይፈርም። የባንኩ ሂሳብና የአማካሪው ሰርተፍኬት ተለያይተው ከቀጠሉ ቁጥር 5 ሲመጣ "ያለፈው" ዓምድ ላይ የትኛው ቁጥር እንደሚጻፍ ሁለቱ ወገን አይስማሙም፤ ማመሳከሩም ከመጀመሪያው ሰርተፍኬት መጀመር ይኖርበታል።

ክፍያው ሲለቀቅ በተቻለ መጠን በቀጥታ ወደ ተቋራጩ ሂሳብ ይግባ። በተበዳሪው በኩል ካለፈ ገንዘቡ ተቋራጩ ዘንድ መድረሱን የሚያሳይ ደረሰኝ ሳይቀርብ የሚቀጥለውን ጥያቄ አይክፈቱ።